ከኪንታሮት ቀዶ ሕክምና በኋላ የመጀመሪያው ሽንት ቤት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ኪንታሮቴን በቀዶ ሕክምና ካስወጣሁ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የታዘዘልኝ ትራማዶል ብቻ ነው፤ እሱንም ሲብስብኝ እወስዳለሁ። እስካሁን ሽንት ቤት አልተቀመጥኩም። ሕመሙን ፈርቼ ምግብም ውሃም ቀንሻለሁ። ሶፍት ላይ ትንሽ ደም አያለሁ። ደህና ነኝ? መሪ መቼ ልያዝ?

መልስ፦ ምግቡን ዛሬውኑ ይጀምሩ። «ካልበላሁ አይመጣም፤ ካልመጣ አያመኝም» ብሎ የሚጾም ታካሚ ብዙ ነው። አንጀት ግን እንዲህ አይሠራም። ባይበሉም ሰገራ መሠራቱ አይቀርም። በቆየ ቁጥር ደግሞ ትልቁ አንጀት ውሃውን እየመጠጠ ያደርቀዋል። ዛሬ ለስላሳ ሆኖ ሊወጣ የሚችለው ከሦስት ቀን በኋላ እንደ ጠጠር ይሆናል። ቁስሉን የሚጎዳውም ያኔ ነው።

በዚያ ላይ ትራማዶል ራሱ ያደርቃል። ትራማዶል ታዞ ማለስለሻ ካልታዘዘ ሕክምናው ጎደሎ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ላክቱሎስ የሚባለውን ሽሮፕ ከፋርማሲ ይግዙ። አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ (ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር) ጠዋትና ማታ ይውሰዱ። ሆድ ሊነፋ ይችላል፤ አያስደንግጥዎ። ችግሩ ላክቱሎስ ለመሥራት አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። እርስዎ ደግሞ ሦስት ቀን አልፎዎታል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከመኝታ በፊት ባለ 5 ሚሊ ግራም ቢሳኮዲል ሁለት ኪኒን ይጨምሩበት። በወተት አይውሰዱት። አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ጠዋት ይሠራል። ሆድዎ ከተነፋና ከተወጠረ ወይም ካስመለሰዎት ግን ቢሳኮዲሉን ትተው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ።

በቂጥ የሚገባ ምንም ነገር አይሞክሩ፤ በውሃ ማጠብም ሆነ በፊንጢጣ የሚከተት ኪኒን አሁን ጊዜው አይደለም። ምግቡ የቤትዎ ምግብ ይሁን፦ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ የተልባ ውሃ። ሚጥሚጣና ብዙ በርበሬ ሲወጣም ስለሚያቃጥል ለሁለት ሳምንት ያህል ይራቁት። ውሃ በቀን ሁለት ሊትር ገደማ ይጠጡ። ጾም ከያዙ የጾም ምግቡ እንዲያውም ይስማማዎታል። የሚጎዳዎት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ነው።

አሁን ወደ ነገ ጠዋት። እንደተነሱ ቁርስ ይብሉ፤ ማስታገሻዎን ይዋጡ፤ ቡናዎን ይጠጡ። ምግብና ቡና አንጀትን ስለሚቀሰቅሱ ብዙ ሰው ከቁርስ በኋላ ነው ስሜቱ የሚመጣለት። ማስታገሻው ደግሞ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ መሥራት ይጀምራል። ሁለቱ እንዲገጣጠሙ ነው የምንፈልገው። ስሜቱ ሲመጣ «ቆይ ትንሽ» አይበሉት፣ ይግቡ። መቀመጫው የፈረንጅ ከሆነ እግርዎን ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ያድርጉ። አያምጡ፤ አፍዎን ከፍተው በረጅሙ ይተንፍሱ። በአምስት ደቂቃ ካልመጣ ተነሥተው ትንሽ ይራመዱና ሲመጣ ይመለሱ። ስልክዎን ውጭ ይተዉት፤ ስልክ የያዘ ሰው በአምስት ደቂቃ አይወጣም።

ያማል፤ አልዋሽዎትም። የሚያመው ግን ቁስሉ ብቻ አይደለም። ፊንጢጣን የሚዘጋው ጡንቻ ሲነካ ደንግጦ ይጨማደዳል። ሰገራው ከወጣ በኋላ ሕመሙ ሰዓት ያህል የሚቆየው በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው። ይህን ጡንቻ የሚያላላው ለብ ያለ ውሃ ነው። ንጹሕ ሳፋ ውስጥ ውሃ ያድርጉ፤ በክንድዎ ሞክረው ሙቀቱ የሚመች እንጂ የሚፋጅ አይሁን። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቀመጡበት። ከሽንት ቤት በኋላ ሁሌም፣ በተጨማሪም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያድርጉት። ጎረቤት ጨው ወይም ዴቶል ጨምርበት ይልዎታል። አያስፈልግም፤ ዴቶል እንዲያውም ቆዳውን ያቃጥላል። ሲጨርሱ በሶፍት አይፈግፍጉ፤ በንጹሕ ጨርቅ መታ መታ አድርገው ያድርቁ።

ማስታገሻውን «ሲብስብኝ» ብለው አይጠብቁት። የመጀመሪያውን ሳምንት በሰዓቱ ይዋጡ። መሠረቱ ፓራሲታሞል ነው፦ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ሁለት ሁለት በየስድስት ሰዓቱ፤ በቀንና ሌሊት ከስምንት ኪኒን እንዳያልፍ። የጉበት ችግር ካለብዎ ወይም መጠጥ ካዘወተሩ ልኩን ሐኪምዎ ይወስን። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ደም ግፊት ወይም ልብ ካላስቸገረዎትና ደም ማቅጠኛ ካልወሰዱ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ ይጨመራል። ዲክሎፌናክ የሚወስዱ ከሆነ አይቡፕሮፌን አይደርቡበት፤ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ትራማዶሉን እነዚህ ላልቻሉት ሕመም ያቆዩት። የሚጥል በሽታ ካለብዎ ግን ጭራሽ አይንኩት፤ በሌላ እንዲቀየርልዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ስለ ደሙ፦ ሶፍት ላይ የሚታይ ነጠብጣብ ወይም ከሰገራ ጋር ጥቂት ደም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ቁስሉ ሳይሰፋ ክፍት ከተተወ ቢጫ ፈሳሽም ይኖራል፤ ስስ ሞዴስ ማድረግ ነው፣ ወንድ ነኝ ብለው አይፈሩ። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። ብርቱ ደም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሰው «ዳንኩ» ባለበት ሰሞን፣ ከአምስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ደሙ ሳይቆም ከወረደ፣ የረጋ ቁራጭ ከወጣ፣ ሽንት ቤቱን ካቀላው ወይም ራስዎን ካዞረዎት ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ብቻዎን ግን አይደለም።

ሌላው የምፈራው ኢንፌክሽን ነው። ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ከገጠመ ግን ይከፋል። ሕመሙ በየቀኑ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት ወይም ሽንት አልወጣ ካለ አንዱም ቢሆን ለዚያው ቀን ያስሄዳል። የሚጨምር ሕመም፣ ትኩሳትና የሽንት አለመውጣት ሦስቱም አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ ሰዓት አይጠብቁ። ሽንት ብቻውን ለስድስት እስከ ስምንት ሰዓት እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ ሳፋው ውስጥ እንደተቀመጡ ይሞክሩ። ካልሆነ በቱቦ ማውጣት ያስፈልጋል።

እስከ ነገ ወዲያ ሰገራ ካልመጣ የቀደደዎትን ሐኪም ያነጋግሩ። አንድ የሚያታልል ነገር አለ፦ ፊንጢጣዎ ሙሉ ሙሉ እያለ ውሃ የመሰለ ነገር ሾልኮ ቢወጣ ተቅማጥ ያዘኝ ብለው ማለስለሻውን አያቁሙ። የደረቀ ሰገራ መንገድ ዘግቶ፣ ቀጭኑ ብቻ በጎኑ እያለፈ ሊሆን ይችላል። ይህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ ይሂዱና ይታዩ።

መሪውን በተመለከተ፣ ትራማዶል እየወሰዱ አይነዱም፤ ያደነዝዛል። እሱን ካቆሙ በኋላም በቆመ መኪና ይሞክሩት፦ ፍሬን ድንገት አጥብቀው ሲረግጡ ሕመሙ እግርዎን ከያዘው ገና ነዎት። ብዙ ሰው በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ ሥራው ይመለሳል። ቁስሉ ግን ለመዳን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚፈልግ፣ መጀመሪያ ግማሽ ቀን ይሥሩና በየመዳረሻው ወርደው ይቁሙ። ሽንት ቤት ሲመጣ «ይህችን ጉዞ ልጨርስ» ማለቱንም ይተዉት፤ የሹፌር ድርቀት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።