ለመዘምራን ኅብረት 10ኛ ዓመት የምስጋና ንግግር

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ያለው የሰፈራችን የመዘምራን ኅብረት 10 ዓመት ሊሞላው ነው። መሥራቾቹንና በጎ ፈቃደኞቹን የማመስገኑ ንግግር ለእኔ ተሰጠኝ። ስማቸው ብዙ ነው። ሰው ሳላስቀይም እንዴት ላመስግን?»

መልስ፦ እህቴ፣ የስም ዝርዝሩን ከንግግሩ አውጪው። ረጅም ዝርዝር ሲነበብ ሰው መስማት ያቆማል፤ ስሙ የተዘለለው ግን ወዲያው ያውቃል። ሁሉንም ስም በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ በፊደል ተራ አሳትሚው። ከመታተሙ በፊት ሁለት ነባር አባላት ይዩት።

በንግግሩ ሦስት አራት ሰው ብቻ አንሺ፣ ያውም ከሠሩት ሥራ ጋር። «ላበረከቱት ከፍተኛ አስተዋፅኦ» ለማንም ይባላል። እንዲህ ብትይ ግን ሌላ ነው፦ «በመጀመሪያው ክረምት መለማመጃ አዳራሽ አልነበረንም። እማማ ሳሎናቸውን ለቀቁልን። በዚያ ብርድ ቡና አፍልተው፣ ልምምዱ እስኪያልቅ አብረውን ያመሹ ነበር። እማማ፣ እባክዎ ይነሡልን።» እዚህ ላይ ዝም በይ። ጭብጨባው ሳያልቅ አትቀጥዪ።

ያረፉ መሥራቾች ካሉ ከሁሉም በፊት አንሻቸው፣ ቤተሰቦቻቸውንም ቀድመሽ አሳውቂ። የሟቾቹ ስም መጨረሻ ላይ ከተነሣ የበዓሉ ደስታ በኀዘን ይዘጋል።

በጎ ፈቃደኞቹ ላይ ደግሞ አደራ! ወንበር የሚደረድሩት፣ የመዝሙር ወረቀት የሚያባዙት፣ ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክሉት ሲመሰገኑ ብዙ ጊዜ ጓዳ ሻይ እየቀዱ ነው። ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ሰው ልከሽ አዳራሽ አስገቢያቸው።

ቤት ውስጥ ድምፅሽን አውጥተሽ በሰዓት አንብቢው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ከመግቢያው ቀንሺ።