ጥያቄና መልስ፦ የፖርቱጋልኛ ግስ «ማን?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው መቼ ነው?

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። የፖርቱጋልኛ ቃላቱን የጻፍኩት ፊደላቸውን ተከትዬ ነው። ሊዝበን ውስጥ ሲነገሩ ግማሹ አናባቢ ስለሚዋጥ በጆሮ ከሰማችሁት ጋር ባይገጥም አይግረማችሁ።

«ስፓኒሽ ትንሽ እችላለሁ። አሁን ፖርቱጋልኛ ጀምሬ "ፋላርሞስ" የሚል ቃል አየሁ። "ፋላር" መናገር ነው፣ "ፋላሞስ" እንናገራለን ነው። ይሄ ሁለቱን የደባለቀው ምንድነው?» (ከአዲስ አበባ)

ስፓኒሽ ውስጥ ስለሌለ ነው ግራ ያጋባዎት። «መናገር»፣ «መሄድ» የምንለውን ቅርጽ ሰዋስው አዋቂዎች ንኡስ አንቀጽ ይሉታል። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ይሄ ቅርጽ ባለቤት የለውም። ማን እንደሚናገር አይነግርዎትም። ፖርቱጋልኛና ጎረቤቱ የጋሊሺያ ቋንቋ ግን ቅጥያ ጨምረው ባለቤቱን ያሳያሉ። ለ«አንተ» «ፋላሬስ»፣ ለ«እኛ» «ፋላርሞስ»፣ ለ«እነሱ» «ፋላሬም» ይባላል። ለ«እናንተ» «ፋላርዴስ» የሚል የድሮ ቅርጽም አለ፤ ዛሬ ግን ብዙ ሰው «ቮሴስ» ብሎ «ፋላሬም»ን ይጠቀማል። «ር»ዋ ከቦታዋ እንደማትነሳ ልብ ይበሉ። «ፋላሞስ» ላይ የለችም፣ «ፋላርሞስ» ላይ አለች። መለያዎ እሷ ናት።

ለአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ይሄ ባዕድ ነገር አይደለም። «መናገር» ብለን «መናገርህ»፣ «መናገራችን»፣ «መናገራቸው» እንላለን። «ከመሄዳችን በፊት» ቁርጥ «አንቴስ ዴ ኢርሞስ» ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። እኛ «መናገሬ» እና «መናገሩ»ን እንለያለን። ፖርቱጋልኛ ለ«እኔ» እና ለ«እሱ» ምንም ቅጥያ የለውም፣ ሁለቱም «ፋላር» ናቸው። ስለዚህ ማንነቱ መታወቅ ካለበት ተውላጠ ስሙን ያስገባሉ፦ «ፓራ ኤው ፋላር»፣ «ፓራ ኤሌ ፋላር»።

«ቅጥያው መቼ ነው የግድ የሚሆነው? መጽሐፌ አሥር ሕግ ይደረድራል፣ አንዱም አልያዘልኝም።» (ከሊዝበን)

አሥሩን ይተዉት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ሌላ ግስ ይሄን ሥራ ማን እንደሚሠራ ነግሮኛል ወይ? ካልነገረዎት ቅጥያው ይገባል።

በአንድ ዳቦ እንየው። «ትሮውሴ ፓኦ» ማለት «ዳቦ አመጣሁ» ነው። «ትሮውሴ ፓኦ ፓራ ኮሜር» ካሉ የሚበላ ዳቦ ነው፤ ማን እንደሚበላው ግን አልተናገሩም። ሰሚው ምናልባት እርስዎ ራስዎ ሊበሉት ነው ብሎ ይገምታል። «ትሮውሴ ፓኦ ፓራ ኮሜርሞስ» ሲሉ እኛ እንድንበላው ነው። «ፓራ ኮሜሬስ» ካሉ ለአንተ ነው። «ፓራ ኮሜሬም» ካሉ ደግሞ ለልጆቹ ወይም ለእንግዶቹ ነው። ዳቦውን ያመጣው አንድ ሰው ነው፣ የሚበላው ሌላ ነው። «አመጣሁ» የሚለው ግስ ስለ በላተኛው ምንም ስለማያውቅ ቅጥያው ሥራውን ይረከባል።

እዚህ ጋ አማርኛችን አያግዘንም። እኛ «እንድንበላ» እንላለን እንጂ «ለመብላታችን» አንልም። ስለዚህ መመሳሰሉ ቅርጹን ለመልመድ ይጠቅማል እንጂ ቦታውን ሁልጊዜ አይነግርም። በፖርቱጋልኛ በብዛት የሚገኘው ከመስተዋድድ በኋላ ነው፦ «ፓራ»፣ «አንቴስ ዴ»፣ «ዴፖይስ ዴ»፣ «ሴም»፣ «አቴ»። በተራቸው «ለ»፣ «በፊት»፣ «በኋላ»፣ «ያለ»፣ «እስከ» ማለት ናቸው። «አቴ ኤሌስ ሼጋሬም» ማለት «እስኪደርሱ ድረስ» ነው።

ሁለተኛው መኖሪያው ባለቤት የለሽ አባባሎች ናቸው። «ኤ ሜልዮር ኢር» ብሎ ያቆመ ሰው «መሄድ ይሻላል» ነው ያለው፣ ምክሩ ለማንም ነው። «ኤ ሜልዮር ኢርሞስ» ካለ ግን ኮትዎን ያንሱ፣ «ብንሄድ ይሻላል» እያለዎት ነው።

«"ፖዴሞስ ፋላርሞስ" ስል ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ሁለታችንም እኛ ነን፣ ምን አጠፋሁ?» (ከሉዋንዳ)

«ፖዴሞስ» ላይ ያለችው «ሞስ» «እኛ» ብላ ጨርሳለች። ሁለቱ ግሶች አንድ ሥራ ነው የሚናገሩት፣ ባለቤታቸውም አንድ ነው። ስለዚህ «ፖዴሞስ ፋላር» ይበቃል።

እዚህ ላይ ደግሞ የአማርኛ ጆሮዎን ይመኑት። «መናገር እንችላለን» ነው የምንለው፣ «መናገራችን እንችላለን» ያለ ሰው የለም። «መሄድ አለብን» «ቴሞስ ዴ ኢር» ነው። «መደነስ እንወዳለን» «ጎስታሞስ ዴ ዳንሳር» ነው። «መናገር ጀመሩ» «ኮሜሳራም ኣ ፋላር» ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ውስጥ «ዴ» እና «ኣ» ስላሉ ብዙ ተማሪ «መስተዋድድ አየሁ» ብሎ ቅጥያ ይለጥፋል። እነዚህ ግን የፊተኛው ግስ ጓዞች ናቸው፣ ከእሱ ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ። አዲስ ባለቤት ይዘው አይመጡም።

«"ሳኢራም ሴም ዲዜር ናዳ" እና "ሳኢራም ሴም ዲዜሬም ናዳ"፣ የቱ ነው ትክክል?» (ከሊዝበን)

ሁለቱም። ምንም ሳይሉ ወጡ። የወጡትም ዝም ያሉትም እነሱው ስለሆኑ ቅጥያው ግድ አይደለም። ያለ ቅጥያው ይቀላል፣ እኔ እሱን እመርጣለሁ። የ«መ» ቅርጹ ከፊት ሲመጣ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። «አንቴስ ዴ ሳኢርሞስ፣ ፌሻሞስ ኣ ፖርታ» ሲባል ከመውጣታችን በፊት በሩን ዘጋን ነው። አንባቢው ገና ዋናውን ግስ ስላላየ ማን እንደሚወጣ ቀድሞ ቢያውቅ ደስ ይለዋል።

«"ልጆቹ ሲወጡ አየሁ" ለማለት "ሳኢር" ነው "ሳኢሬም"?» (ከአዲስ አበባ)

ልጆቹን በስማቸው ከጠሩ «ቪ ኦስ ሜኒኖስ ሳኢሬም» ይላሉ፣ «ሳኢር»ም ያስኬዳል። «አየኋቸው» ብለው በ«ኦስ» ካሳጠሩት ግን «ቪ-ኦስ ሳኢር» ነው፣ ያለ ቅጥያ። «ኦስ» የተሳቢ ተውላጠ ስም ስለሆነች ቅጥያ የሚያስወስድ ባለቤት አትሆንም።

«"ኳንዶ ፋዜርሞስ" ብዬ ጽፌ አስተማሪዬ በቀይ ሰረዘችው። ከሥሩ "ኳንዶ ፋላርሞስ" የሚል ነበር፣ እሱን አልነካችውም። አድልዎ ነው?» (ከሳኦ ፓውሎ)

አድልዎ አይደለም፣ ወጥመድ ነው። ፖርቱጋልኛ ውስጥ ሌላ አንድ ቅርጽ አለ፣ ገና ላልሆነ ነገር የሚነገር፦ «ኳንዶ ፋላርሞስ» «ስንናገር» ነው፣ «ሴ ፋላርሞስ» «ከተናገርን» ነው። ደንበኛ ግሶች ላይ ይሄ ቅርጽ ከባለ ቅጥያው ንኡስ አንቀጽ ጋር አንድ ነው። ያልተነካው «ፋላርሞስ» ትክክል የሆነው ሌላኛው ቅርጽ ስለሆነ ነው፣ እርስዎ ያንን አስበው ባይጽፉትም።

ልዩነቱ ፈንጥቆ የሚወጣው ያፈነገጡት ግሶች ላይ ነው። «ፋዜር» እዚያ ሲደርስ «ፊዜር» ይሆናል። «ቴር» «ቲቬር»፣ «ዲዜር» «ዲሴር»፣ «ሴር» ደግሞ ጭራሽ «ፎር» ይሆናል። እንግዲህ ትክክሉ «ኳንዶ ፊዜርሞስ» ነው። ከ«ዴፖይስ ዴ» በኋላ ቢሆን ግን «ዴፖይስ ዴ ፋዜርሞስ» ብለው ይጽፉ ነበር። ወሳኙ ከፊት ያለው ቃል ነው። «ኳንዶ» እና «ሴ» መስተጻምር ናቸው፣ «ፊዜር»ን ይጠራሉ። «ፓራ»፣ «ሴም»፣ «አንቴስ ዴ» መስተዋድድ ናቸው፣ «ፋዜር»ን ይጠራሉ።

«ፊዜር»ን ለማግኘት መሸምደድ የለብዎትም። የኃላፊ ጊዜውን «እነሱ» ይውሰዱ፦ «ፊዜራም»፣ አደረጉ። «አም»ን ቆርጠው ይጣሉ፣ «ፊዜር» ቀረ። «ቲቬራም» «ቲቬር» ይሆናል። ይሄ መንገድ ለሁሉም ግስ ይሠራል።

የሚያስቀው «ቪር» (መምጣት) እና «ቬር» (ማየት) ናቸው። «ማየት» በኃላፊ «ቪራም» ነው፣ ስለዚህ ሲቆረጥ «ቪር» ይሆናል፤ «መምጣት»ን መሰለ ማለት ነው። «ሴ ኦ ቪሬስ» ማለት «ካየኸው» ነው። «ኤ ቦም ቪሬስ» ማለት «መምጣትህ ጥሩ ነው» ነው። አንድ «ቪሬስ»፣ ሁለት ግስ። እዚህም የሚለያቸው ከፊታቸው ያለው ነው።

«ለደንበኞቼ ይሄን መልእክት ልልክ ነው፣ ቢያርሙልኝ፦ "ፖዴሞስ ፋላርሞስ አማኛ። ፔሶ ፓራ ቮሴስ ትራዜር ኦስ ዶኩሜንቶስ አንቴስ ዴ ኮሜሳሬም ኣ ትራባልያሬም። ኳንዶ ትራዜሬም ቱዶ፣ አሲናሞስ።"» (ከሉዋንዳ)

ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ነገ እንነጋገር፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሰነዶቹን አምጡ፣ ሁሉንም ስታመጡ እንፈርማለን። አራት ቦታ እነካለሁ።

«ፖዴሞስ ፋላርሞስ» ላይ «እኛ» ሁለት ጊዜ ተነግሯል፣ «ፖዴሞስ ፋላር» ይሁን። «ፔሶ ፓራ ቮሴስ ትራዜር» ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው የሆነው። የሚለምኑት እርስዎ፣ የሚያመጡት እነሱ። ባለቤቱ ተቀይሯል፣ «ቮሴስ»ም ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ስለዚህ «ትራዜሬም» ያስፈልጋል። ፖርቱጋል ውስጥ ጥንቁቅ ጸሐፊ እዚህ «ፔሶ ኬ ትራጋም» ይል ነበር። ለመደበኛ ደብዳቤ እሱን ይምረጡ፣ ለስልክ መልእክት የእርስዎ ይበቃል።

«አንቴስ ዴ ኮሜሳሬም» ጥሩ ነው፣ አይንኩት። ተከታዩ «ትራባልያሬም» ግን በ«ኮሜሳሬም» ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ባለቤቱ ቀድሞ ተነግሯል። «ኣ ትራባልያር» ይሁን። መጨረሻ ላይ «ኳንዶ» አለ፣ «ትራዜር» ደግሞ ካፈነገጡት ነው። «ትሮውሴራም»ን ይቁረጡ፣ «ትሮውሴር» ይቀራል፣ «ኤም» ይጨምሩ።

የሚልኩት እንግዲህ ይሄ ነው፦ «ፖዴሞስ ፋላር አማኛ። ፔሶ ፓራ ቮሴስ ትራዜሬም ኦስ ዶኩሜንቶስ አንቴስ ዴ ኮሜሳሬም ኣ ትራባልያር። ኳንዶ ትሮውሴሬም ቱዶ፣ አሲናሞስ።»