ሥራ ከበዛበት ሰው ሃያ ደቂቃ እንዴት ይጠየቃል?

«ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እዚሁ ከተማ የአንድ ድርጅት ፋይናንስ ኃላፊ የሆኑ ሴት አሉ። ስለ ሥራው ትንሽ እንዲመክሩኝ ፈልጌ ቁጥራቸውን ከመምህሬ ወሰድኩ። በቴሌግራም “ሰላም ነዎት?” ብላቸው አይተው ዝም አሉኝ። ልደውል? ቢሮ ልሂድ? ምን ብዬ ልጠይቃቸው?»

ወንድሜ፣ ንቀውህ አይመስለኝም። እኔም እዚሁ ሀዋሳ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ከማላውቀው ቁጥር «ሰላም ነዎት?» ብቻ ሲመጣልኝ አይቼ አልፈዋለሁ። ዕቃ ሻጩም፣ ብድር ጠያቂው ዘመድም፣ አጭበርባሪውም የሚጀምሩት እንደዚያው ነው። «ማን ልበል?» ብዬ ወሬ ለመክፈት ደግሞ በሥራ መሃል አቅሙ የለኝም። ሰላምታው፣ ማንነትህና ጥያቄህ በአንድ መልእክት አብረው መድረስ አለባቸው።

መደወሉ ይቅር። ደመወዝ እየፈተሹ ሳለ ብትደውል ቶሎ ለመገላገል «በኋላ ደውል» ይሉሃል። ቢሮም ሳትጠራ አትሂድ፤ ጥበቃው «ቀጠሮ አለህ?» ሲልህ መልስ የለህም። ጻፍላቸው። የድምፅ መልእክት ግን አትላክ፤ ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ጽሑፍ በጨረፍታ ያነባል እንጂ ድምፅ አይከፍትም።

ከመጻፍህ በፊት ወደ መምህርህ ተመለስና ሁለት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ ስሙን ጠርተህ መጻፍ ትችል እንደሆነ። ቁጥር መስጠትና «እሱ ነው የላከኝ» እንድትል መፍቀድ ይለያያሉ። ሁለተኛ፣ ሴትየዋ እዚህ ቦታ የደረሱት በየት በኩል እንደሆነ። ኦዲት ድርጅት ሠርተው ነው? ከባንክ ነው? ከታች ከሒሳብ ሠራተኛነት ተነሥተው ነው? ጥያቄህ የሚወጣው ከዚህ ነው። «ስለ ሥራው ትንሽ ይምከሩኝ» ሰፊ ነው፤ ተቀባዩ ምን ሊመልስ እንደሚችል አይታየውም፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድበትም አያውቅም። እሳቸው ራሳቸው አንድ ጊዜ የወሰኑትን ነገር ከጠየቅካቸው ግን መልሱ አፋቸው ላይ ነው።

ከኦዲት ድርጅት ወጥተው ነው ፋይናንስ የገቡት እንበል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍላቸዋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት። እገሌ እባላለሁ፤ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቁጥርዎን የሰጡኝ መምህሬ አቶ እገሌ ናቸው፤ ስማቸውን ጠርቼ እንድጽፍልዎ ፈቅደውልኛል። ከኦዲት ሥራ ወደ ድርጅት ፋይናንስ እንደገቡ ነግረውኛል። እኔም ስመረቅ ኦዲት ድርጅት ልግባ ወይስ ከመጀመሪያው ድርጅት ውስጥ ልጀምር የሚለው አልወሰንልህ ብሎኛል። በዚህ ጉዳይ ብቻ 20 ደቂቃ ቢያነጋግሩኝ ብዬ ነው። በመጪው ሳምንት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቢሮዎ መምጣት እችላለሁ፤ በስልክ ከቀለለዎትም ደስ ይለኛል። ሥራ ወይም ልምምድ ለመጠየቅ አይደለም። ጊዜው ካልተመቸዎት እረዳለሁ። አመሰግናለሁ።»

«ሥራ ለመጠየቅ አይደለም» የሚለውን አታውጣ። በዚህ ከተማ ተመራቂ ተማሪ «ላገኝዎት እፈልጋለሁ» ሲል ኃላፊው መጀመሪያ የሚሰማው ሥራ ቅጠረኝ የሚለው ነው። ክፍት ቦታ ከሌለው ደግሞ ላለማሳፈር ብሎ ይሸሽሃል። ነገር ግን ከጻፍከው ቃልህን ጠብቅ። ሲቪህን አታያይዝ፤ ከገባህም በኋላ «እግረ መንገዴን አንድ ቦታ ካለ» አትበል። እሳቸው ራሳቸው «ሲቪህን ላክልኝ» ካሉ ያ ሌላ ነገር ነው።

ሰዓቱንም ሳላስብ አልጻፍኩትም። 11 ሰዓት መውጫ ሰዓት ሊደርስ ሲል ነው፤ ወሬው ሳይፈልጉ እንዳይረዝምባቸው የራሱ ማብቂያ አለው። ሁለት ቀን ማቅረብህም «መቼ ይመችዎታል?» ከማለት ይሻላል፤ አንዱን መርጠው ለመመለስ አንድ ቃል ይበቃቸዋል።

ብዙ ተማሪ የሚስተው ደግሞ የወሩን ቀን ነው። ፋይናንስ ክፍል ወር ሲያልቅና ሲገባ ደመወዝ፣ የወሩ ሒሳብ መዝጋትና የግብር ማሳወቂያ ይደራረብበታል። በወሩ መካከል፣ ከ10 እስከ 20 ባለው ጊዜ፣ ትንሽ ፋታ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩን ፋብሪካዎች ጨምሮ በፈረንጅ ወር የሚሠሩ ድርጅቶች አሉና የትኛውን እንደሚከተሉ መምህርህ ካወቀ ጠይቀው። ሰኔና ሐምሌን ጨርሶ እርሳቸው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ የንብረት ቆጠራ አለ፣ ከዚያ የውጭ ኦዲተር ይመጣል። የ«ሀ» ደረጃ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ግብሩን እስከ ጥቅምት 30 ስለሚያሳውቅ መስከረምና ጥቅምትም ቀላል አይደሉም። ከኅዳር እስከ ግንቦት የተሻለ ነው። የምትፈልገው ሰው ባንክ ቢሆን ኖሮ ዓመታቸው የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጁን 30፣ በእኛ ሰኔ 23 ነው፤ ጭንቁ ያኔ ነው።

መልሱን ማንበብም ያስፈልጋል። «ሐሙስ ና» ካሉህ አለቀ። አስቸጋሪው «እሺ፣ እንነጋገራለን» ወይም «እደውልልሃለሁ» የሚለው ነው። እኛ ሰው ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ስለሚከብደን ይህ እሺም እምቢም ሊሆን ይችላል። የምትለየው አንድ ጊዜ ቀን ቆርጠህ በመመለስ ነው፦ «በጣም አመሰግናለሁ። እንዳላስቸግርዎ በሚቀጥለው ሐሙስ 11 ሰዓት ላይ ልምጣ?» እውነት ሊያገኙህ የፈለጉ ከሆነ ወይ ይቀበላሉ ወይ ሌላ ቀን ይሰጡሃል። ዝም ካሉ መልሱ እሱ ነው፤ ተወው። ለመጀመሪያው መልእክት ጨርሶ ካልመለሱም ሳምንት ጠብቅና ሁለት መስመር ጻፍ፦ «ባለፈው ሳምንት የጻፍኩልዎ የእገሌ ተማሪ ነኝ፤ ምናልባት በሥራ ብዛት ካመለጠዎት ብዬ ነው።» ሦስተኛ የለም። መምህርህንም «ደውልልኝ» ብለህ አታስጨንቀው፤ በይሉኝታ የተሰጠ ቀጠሮ ውስጥ ጥሩ ምክር አይወጣም።

አንተ ግን «ሰላም ነዎት?» ብለህ ጀምረሃል፣ ታይቷልም። ምንም አይደል። ለዝምታቸው ማብራሪያ ሳትጠይቅ፣ ረጅም ይቅርታም ሳትደረድር፣ ሙሉውን መልእክት እዚያው ሥር ላክ። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ይሁን እንጂ ማታ አይሁን።

ቀኑ ሲደርስ ከዋናው ጥያቄህ ሥር የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ይዘህ ሂድ። ለምሳሌ ኦዲት የቆየ ልጅ ሲቀጠር የሚለየው በምንድን ነው፣ እዚህ ሀዋሳ ሆኖ የኦዲት ልምድ ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ መውጣት ግድ ነው፣ ድርጅት ውስጥ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ምንድን ነው። የድርጅታቸውን ትርፍና ደመወዛቸውን አትጠይቅ፤ አይመልሱልህም፣ አንተንም ይጠረጥሩሃል። 20ኛው ደቂቃ ላይ «ያልኩት ሰዓት ደርሷል» በልና ተነሥ። «ተቀመጥ» ካሉህ ትቀመጣለህ። ሻይ ካዘዙልህ ጠጣ፣ ሒሳብ ልክፈል እያልክ አትጨቃጨቅ።

ጓደኛህን ይዘህ እንዳትሄድ። አንድ ተማሪ እንዲህ ቀጠሮ ሰጥቼው ሦስት ሆነው መጡ። ቢሮዬ ያለው የእንግዳ ወንበር አንድ ነው። ሁለቱ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው እነሱን እያየሁ ምን እንደተናገርኩ አላስታውስም።