ገንዘቡ ተመልሷል፣ ምዝገባው ግን አልተመለሰም

«ምንም ዕቃ ላልመለሰ ደንበኛ በስህተት 4,600 በባንክ መለስንለት። ሰውየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙሉውን መልሶ አስገባ። ዕቃው ያለ ታክስ 4,000፣ ታክሱ 600፣ እኛ የገዛንበት 2,500 ነው። ባንኩ ልክ ነው፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ የሚያሳየው ትርፍ ግን ከራሴ ደብተር በ3,100 ይበልጣል። የሒሳብ ሠራተኛዬ ‹ሪቨርስ መደረግ አለበት› ትላለች። ገንዘቡ ከተመለሰ ምን ቀረ? የድሮውን ምዝገባ ብሰርዘውስ?»

ጤና ይስጥልኝ። መዝገብዎን ባላየውም 3,100 የምትለው ቁጥር ብዙ ነግራኛለች። 600ው እና 2,500ው ሲደመሩ ልክ እሷን ይሰጣሉ። ስለዚህ ግምቴ ይህ ነው፦ ገንዘቡ ሲወጣ ፕሮግራሙ ዕቃ እንደተመለሰ አድርጎ መዘገበው፤ ሲገባ ደግሞ አንድ ሰው መድረሻ ቢያጣለት ሙሉውን «ሌላ ገቢ» ላይ ጣለው። ወደ መደርደሪያው ሄደው ይቁጠሩ። ስቶክ ካርዱ ከቆጠሩት በአንድ ዕቃ ከበለጠ ግምቴ ልክ ነው።

እስከዚያው ግን የድሮውን ምዝገባ አይሰርዙ።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ይህችን ነገር ደግሞ ለመናገር አይሰለቸኝም። ባንኩ ዘንድ ሁለት መስመር አለ፦ አንድ ቀን 4,600 ወጣ፣ ሌላ ቀን 4,600 ገባ። እነዚያን መስመሮች እርስዎ መፋቅ አይችሉም። ከራስዎ መዝገብ የወጪውን ካጠፉ መግቢያው ብቻውን ይቀራል፤ ያን ጊዜ ልክ የነበረው የባንክ ማስታረቂያ ይፈርሳል። ሁለቱንም ካጠፉ ደግሞ ባንኩ የሚያውቀውን እርስዎ አያውቁትም ማለት ነው። የቫውቸር ቁጥሩም ይዘላል፤ ከ212 ቀጥሎ 214 ሲመጣ መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ 213 ነው። ሠራተኛዎ ‹ሪቨርስ› የምትለው የመገልበጫ ምዝገባ ግን ስህተቱን ባለበት ትቶ ከጎኑ ተቃራኒውን ያስቀምጣል። ዴቢት የነበረው ክሬዲት፣ ክሬዲት የነበረው ዴቢት ይሆናል፤ መጠኑ አይነካም። ስህተቱም እርማቱም ይታያሉ፣ ድምራቸው ዜሮ ነው። ርካሽ ፕሮግራሞች «ሰርዝ» የሚለውን ቁልፍ ከ«አስቀምጥ» ጎን ለጎን መደርደራቸው ያናድደኛል። ስንት መዝገብ በዚያ ቁልፍ ተበላሽቶ መጥቶልኛል!

አሁን ወደ ሥራው። የመጀመሪያው ምዝገባ የሽያጭ ተመላሽን 4,000 እና የሚከፈል ታክስን 600 ዴቢት፣ ባንክን 4,600 ክሬዲት አድርጓል። ከኋላው ደግሞ ዕቃ 2,500 ዴቢት፣ የተሸጠ ዕቃ ዋጋ 2,500 ክሬዲት አለ። ይህችን ሁለተኛዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ መደርደሪያ ላይ የሌለውን ዕቃ ስቶክ ካርድ ላይ የፈጠረችው እሷ ናት። አምስቱንም መስመሮች በዛሬ ቀን ይገልብጡ። ያለፈው ወር ተዘግቶ ከሆነ ወደ ኋላ ሄደው አይክፈቱት።

እዚህ ላይ ባንኩ 4,600 የጨመረ ይመስላል፤ ገንዘቡ ግን በእርግጥ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ በዚያው ቀን የደንበኛውን ተሰብሳቢ 4,600 ዴቢት፣ ባንክን 4,600 ክሬዲት ያድርጉ። እውነቱም ይህ ነበር፦ ሰውየው የእኛን ገንዘብ ይዞ ነበር፣ ዕቃ አልመለሰም።

በመጨረሻ ያቺን «ሌላ ገቢ» እናጥፋ። ሌላ ገቢ 4,600 ዴቢት፣ የደንበኛው ተሰብሳቢ 4,600 ክሬዲት። ባንክን እንዳይነኩ፤ መግቢያው አስቀድሞ ተመዝግቧል። ትርፉ ከተመላሹ 4,000 አገኘ፣ ከተሸጠ ዕቃ ዋጋ 2,500 አጣ፣ ከሌላ ገቢ 4,600 አጣ። የተጣራው የ3,100 ቅናሽ ነው፣ ከደብተርዎ ጋር ይገጥማል።

አንዳንዱ «አዲስ ሽያጭ ብለን እንመዝግበው» ይላል። ድምሩ ሊገጥም ይችላል፣ ግን ያልነበረ ሽያጭ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ተመላሹም ሽያጩም ተነፍቶ ይቀራል።

ታክሱን አደራ። ያለፈው ወር ማሳወቂያ በ600 ቀንሶ ከገባ፣ መዝገቡ ቢስተካከልም ማሳወቂያው ራሱ አይስተካከልም፤ ለብቻው መታረም አለበት። ለተመላሹ ክሬዲት ኖት ከወጣም መሻሩን የሚያሳይ ወረቀት ይዘጋጅ።

ሲጨርሱ ሦስት ነገር ይዩ፦ የደንበኛው ሒሳብ ዜሮ፣ ስቶክ ካርዱ ከመደርደሪያው እኩል፣ ባንኩ እንደነበረ። አንዱ እንቢ ካለ ምዝገባው የቱ ጋ እንደተሳተ እስክናይ ድረስ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ምንም አይሰርዙ። የአዲሱን ቫውቸር ማብራሪያ ላይ የድሮውን ቁጥር ይጻፉና ሁለቱን በስፒል ያያይዟቸው።