ራስ ምታቴን ለሐኪም እንዴት ላስረዳ?

«ራሴን ያመኛል፤ ሐኪም ፊት ስቀርብ ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። ምን ጽፌ ልሂድ?»

እህቴ፣ ማታ አስታውሼ እጽፋለሁ አትበይ፤ ሲጀምርሽ ወዲያው ጻፊ። የጀመረበትን፣ የለቀቀሽን ሰዓት፣ ሕመሙን ከ0 እስከ 10፣ የዋጥሽውን ኪኒን። ቁጥሩ ካስቸገረሽ «ሥራ አላስቆመኝም» ወይም «አስተኛኝ» በይ።

ቡናሽንም አትርሺ፣ የጅማ ሰው አይደለሽ! እኔ አንድ ወር ስመዘግብ ሕመሙ የሚነሳው ረቡዕና አርብ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ሆኖ አገኘሁት። ለካ በጾሙ ምክንያት የጠዋት ቡናዬን የምተውበት ቀን ነው። ሐኪሙ ገጹን አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ቡና ነበር። ግን ረሃብም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቡና ሳትጠጪ ያላመመሽንም ቀን ጻፊ።

ማስታገሻ የወሰድሽባቸውን ቀናት ቁጠሪ፤ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ድንገት እንደ መብረቅ ከመታሽ ግን ደብተሩን ተዪውና ቶሎ ሐኪም ቤት ሂጂ።