ቀጠሮ ያልያዘን ሰው ስንት ጊዜ ልደውልለት? በካርድ ክፍል ለምትሠሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ደሴ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራ ወጣት ሰሞኑን «የምርመራ ጊዜው አልፎ ቀጠሮ ያልያዘን ሰው ስንት ጊዜ ልደውልለት?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥሩን እነግራታለሁ። ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን የአንዲት እናት ጉዳይ ስለቀሰቀሰብኝ ከእሱ ብጀምር ይሻላል።

እናቲቱ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ፣ ስኳር ያለባቸው ሴት ነበሩ። ድዳቸው ይደማ ስለነበር የጥርስ እጥበት ተደረገላቸውና በሦስት ወር ተመልሰው እንዲታዩ ተነገራቸው። ሦስት ወሩ በቂ ምክንያት ነበረው፤ ስኳር የድድ ሕመምን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ድዱ ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ ግን ይህን ያህል መመላለስ አያስፈልገውም። ናይስ የተባለው የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የአዋቂዎችን የጥርስ ምርመራ እንደየሰው ሁኔታ ከ3 እስከ 24 ወር አድርጎታል። ስለዚህ «ስድስት ወር» እያላችሁ ለሁሉም አንድ ቀን አትሙሉ። ጊዜውን ሐኪሙ ታካሚው ገና ወንበሩ ላይ እያለ ይወስን፤ ምክንያቱም በአንድ መስመር ካርዱ ላይ ይጻፍ። ምክንያቱን የማያውቅ ደዋይ ታካሚው «ለምን?» ሲለው የሚመልሰው አይኖረውም።

ካርዱ ላይ የተጻፈው ስልክ የእናቲቱ ሳይሆን ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራው የልጃቸው ነበር። ሦስት ወሩ ሲያልፍ «ቀጠሮዎ አልፏል፤ በአስቸኳይ ይቅረቡ፤ ካልታከሙ ጥርስዎን ሊያጡ ይችላሉ» የሚል መልእክት ደረሰው። ልጁ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ መልእክቱን ሲያነብ ደነገጠ፤ እናቱ ጋ ደውሎም ተቆጣቸው። ከዚያ ወዲህ ክሊኒኩ የራሳቸውን ስልክ ተቀብሎ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወለላቸው። ሁለት ጊዜ «እሺ የኔ ልጅ፣ እመጣለሁ» ብለው ቀን ያዙ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀሩ። በመጨረሻ ስልኩን ማንሳት ተዉ። ከዓመት በላይ ቆይተው ሲመጡ የታች የፊት ጥርሶቻቸው ይነቃነቁ ነበር።

የቀሩት ረስተው አልነበረም። ተመልሰው ሲመጡ እንደገና የእጥበቱ ሙሉ ክፍያ የሚጠየቁ መስሏቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ እጃቸው ላይ አልነበረም። ይህን ለወጣት ልጅ በስልክ መናገር አሳፈራቸው። አንዴ ከቀሩ በኋላ የመቅረታቸው እፍረት ተጨመረበት። ለመታየት ብቻ የሚከፈለው የካርድ ብቻ መሆኑን፣ ሌላ ሥራ ካስፈለገ ደግሞ ዋጋው አስቀድሞ እንደሚነገራቸው ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። በዚያ ሳምንት ከተደወሉት ስልኮች አንዱ ይህን ብቻ ቢነግራቸው ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

የእኛ ሰው ፊት ለፊት «አልመጣም» አይልም፤ ይሉኝታ ይዞት እሺ ይላል። ስለዚህ ሥራችሁን በተያዘው ቀጠሮ ብዛት አትለኩት። በወር መጨረሻ መዝገቡን ገልጣችሁ በስልክ ተደውሎላቸው ቀን ከያዙት ስንቱ እንደቀረ፣ ራሳቸው ደውለው ከያዙት ደግሞ ስንቱ እንደቀረ አስተያዩ። የመጀመሪያዎቹ በጣም ከበዙ ሰዎቹ ቀን የያዙት ስልኩን ለመዝጋት ነው ማለት ነው፤ አደዋወላችሁ ጫና አለበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሁለት መልእክትና አንድ ስልክ፣ ከዚያ በቃ። የመጀመሪያው መልእክት ጊዜው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሁለተኛው ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ስልኩ ደግሞ ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ። ለሽማግሌዎችና ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ግን ይህን አልከተልም፤ መልእክቱን ትቼ ከመጀመሪያው በድምፅ ማነጋገር ይሻላል እላለሁ። የዛሬ ወጣቶች ስልክ መደወል ትፈራላችሁ፤ ለሺህ ሰው መልእክት በአንዴ መላክ ይቀላችኋል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር አጭር መልእክት መጻፍ ከእኛ የተሻለ ታውቁበታላችሁ።

በፊደላችን የሚጻፍ የስልክ መልእክት አንዱ የሚይዘው 70 ምልክት ብቻ ነው፤ በላቲን ቢሆን 160 ይይዛል። ከ70 ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ክፍያውም እንደ ክፍሉ ብዛት ይጨምራል። ስለዚህ እንዲህ ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልን። የጥርስ ምርመራ ጊዜዎ ጥር ላይ ነው። ሲመችዎ በዚህ ስልክ ይደውሉ።» ይህ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 52 ምልክት ነው፤ ለክሊኒኩ ስም 18 ይቀራል። ወሩ እንጂ ቀኑ አልተጠቀሰም፤ ያልያዙትን ቀጠሮ እንደቀሩበት እንዳይመስላቸው ነው። ስኳር፣ ድድ፣ ሌላም የሕመም ስም አይግባ፤ ስልኩ የማን እጅ ላይ እንዳለ አታውቁም። በዚህ ስልክ ካላችሁ ደግሞ ቁጥሩ ተመልሶ የሚደወልበትና የሚያነሳው ሰው ያለበት ይሁን።

ፈቃዱን ታካሚው ከክሊኒኩ ሳይወጣ ጠይቁ። «ጊዜው ሲደርስ ብናስታውስዎ ይወዳሉ? በማን ስልክ? በመልእክት ወይስ በመደወል? ስንት ሰዓት ይመችዎታል?» አልፈልግም ካሉ ያው ይጻፍ፤ አይደወል። የኮምቦልቻ ፈረቃ ሠራተኛ ሰዓቱ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ መልእክት ይሻለዋል። ጊዜው ረመዳን ላይ የሚውል ከሆነ ለሚጾሙት ማስታወሻውን ከዒድ በኋላ አድርጉት፤ ብዙ ሰው በጾም ቀን አፉ ውስጥ ውኃ እንዲገባ አይፈልግም። ዓርብ በጁምዓ ሰዓትና እሑድ ጠዋት አትደውሉ።

ስትደውሉ መጀመሪያ የሰውየውን ስም ብቻ ጠይቁ፤ የደወላችሁበትን ጉዳይ የምትናገሩት ራሱ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው። በ2014 ጦርነት ብዙ የከተማችን ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፣ ስልኩንም የቀየረ ብዙ ነው፤ የድሮው ቁጥር ዛሬ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ያረፈ ሰው ቤትም ትደውሉ ይሆናል። ያን ጊዜ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ይቅርታ ጠይቁና ሌላ ሠራተኛ ዳግመኛ እንዳይደውል በዚያው ደቂቃ ካርዱን ዝጉት።

ራሱን ካገኛችሁት ንግግሩ አጭር ነው። «እትዬ፣ ከጥርስ ክሊኒክ ነው። የመታያዎ ጊዜ ደርሷል። ለመታየት የሚከፈለው የካርድ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ካስፈለገ ዋጋውን አስቀድመን እንነግርዎታለን። አሁን ቀን መያዝ አይጠበቅብዎትም፤ ሲመችዎ ይደውሉ።» ዋጋው እንደየክሊኒኩ ነውና የራሳችሁን በትክክል ተናገሩ። «ለምን ቀሩ?» አትበሉ። «መቼ ልያዝልዎ?» ብላችሁም አትጀምሩ፤ ያ ጥያቄ የይሉኝታ እሺ ያመጣል። ቀን ልያዝ ካሉ ግን እንደ ሀገራችን አቆጣጠር ቀኑን፣ ወሩን፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት መሆኑን ንገሯቸውና ደግመው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። «ጠዋት 3 ሰዓት» ብላችሁ በፈረንጅ ሰዓት በሚቆጥረው ኮምፒውተር 9:00 በማለት ፈንታ 3:00 ብትጽፉ ሁለት ታካሚ አንድ ወንበር ላይ ይገናኛል።

ከስልኩ በኋላም ካልመጡ ካርዱ ላይ «ሦስት ጊዜ ተነግሯል» ብላችሁ ቀኑን ጻፉና ተዉ። ድዱ በጣም የታመመ ወይም ሕክምናው ተጀምሮ የተቋረጠ ሰው ሲሆን ብቻ ካርዱን ለሐኪሙ አሳዩት፤ ከዚያ በኋላ የሚደውለው ሐኪሙ ራሱ ይሁን። ከዓመት በኋላ በር ላይ ብቅ ሲሉ ደግሞ ካርድ ክፍል ያለው ሰው «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ካርዱን ያውጣ፤ የቀሩበትን ጊዜ ጮክ ብሎ አይቁጠር።