ለከርሊ ፀጉር ሌየር፦ በደረቁ ወይስ በእርጥቡ?

«ፀጉሬ ከርሊ ነው። ፊት ለፊት ላላ ይላል፣ ከኋላ ግን ጥብቅ ነው። ሌየር ልቆረጥ ስል አንዷ አጥቤ በእርጥቡ ነው የምቆርጥሽ አለችኝ፣ ሌላዋ በደረቁ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ለኔስ የቱ ይሻላል?»

እህቴ፣ ላንቺ በደረቁ ይሻላል። ምክንያቱም ራስሽ የጠቀስሽው ነው፤ ፊትና ኋላሽ አንድ ዓይነት አይደለም። ፀጉር ስሠራ ያየሁትን ልንገርሽ።

ፀጉር ውሃ ሲነካው በውስጡ ያሉት የሃይድሮጂን ትስስሮች ይላላሉ። ጥቅልሉን ቅርፅ አስይዘው ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ የውሃው ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ቆራጯም በማበጠሪያ ወጥራ ትይዘዋለች። ሲደርቅ ይሰበሰባል። ሁሉም ቦታ እኩል ቢሰበሰብ ኖሮ ትንሽ አስረዝሞ መቁረጥ ይበቃ ነበር። ግን እኩል አይሰበሰብም።

አንዲት ደንበኛዬ ልክ እንዳንቺ ዓይነት ፀጉር ነበራት። ሌላ ቦታ በእርጥቡ ሌየር ተቆርጣ፣ ከኋላ ተበልቶ መጣች። ፀጉሯን አርጥቤ ስለካው ቆራጯ አልተሳሳተችም፤ የግንባሯም የማጅራቷም ዘለላ 20 ሴንቲ ነው። ስናደርቀው ግን የፊቱ 16 ላይ ቆመ፣ የማጅራቱ ወደ 10 ወረደ። በእርጥቡ እኩል የነበረው በደረቁ የ6 ሴንቲ ልዩነት አመጣ። ሌየር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አጭሩ ደረጃ የሚሸከመው ክብደት ስለሌለው የበለጠ ወደ ላይ ይሰበሰባል። አናት ላይ አጭር ሌየር ወጥቶ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው።

በደረቁ ሲቆረጥ ቆራጯ እያንዳንዱን ጥቅልል ወድቆ በተቀመጠበት ታየዋለች። ሳትጎትት በሁለት ጣት ያዝ ታደርገውና ዙሩ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ቦታ ትቆርጠዋለች። ከዚያ ትለቀውና ራቅ ብላ ታያለች። ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። አንድ ጥቅልል ላይ ከአንድ ሴንቲ ጀምራ ቀስ እያለች ብትቀንስ ጥሩ ነው።

ዝግጅቱ ግን ወሳኝ ነው። ሹሩባ ፈትተሽ በዚያው አትሂጂ፤ የሹሩባው ሞገድ የፀጉርሽን እውነተኛ ቅርፅ ይደብቀዋል። ቅቤ ወይም ከባድ ዘይትም አትቀቢ፣ ጥቅልሎቹን ያጣብቃቸዋል። አስይዘሽ የተኛሽበትም ፀጉር አይሆንም። ታጥበሽ፣ በኮንዲሽነር እርጥብ እያለ ፈትተሽ፣ ሳትነካኪው ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። መሃሉ ትንሽ እርጥበት ከቀረው ያው ልኬቱ ይዛባል፤ እጅሽን እስከ ራስ ቅልሽ አስገብተሽ ነክተሽ አረጋግጪ።

ይህ ሲባል ግን እርጥቡ አቆራረጥ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ፀጉሩ ሞገድ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ቁጥር 2 የሚባለው፣ ሲደርቅ ብዙም አያጥርም። በእርጥቡ ቀጥ ያለ ንፁህ መስመር ይወጣል፣ እኔም እንደዚያ ነው የምቆርጠው። ሰፋ ያለ ጥቅልል ላለው፣ 3ኤ ለሚባለው፣ መሠረቱን በእርጥቡ አውጥቼ ሌየሩን ሲደርቅ አስተካክላለሁ። ከዚያ ጠበቅ ላለው ጥቅልል፣ ከ3ቢ ጀምሮ እስከ 4ኤ ድረስ፣ በተለይ አንድ ራስ ላይ ሁለት ዓይነት ካለ፣ በደረቁ ነው።

በጣም ከርዳዳው፣ 4ሲ፣ ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ ዘለላ ለብቻው ስለማይለይ ጥቅልል በጥቅልል መቁረጥ አይመችም። ጎፈሬ የምታደርግ ከሆነ በሚዶ ከፍ አድርጎ ዙሪያውን መቅረፅ ነው። ሌየር ከፈለገች ግን በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ አየር ዘርግቶ መቁረጥ ይቀላል።

በደረቁ ከተቆረጥሽ አንድ ነገር አስቢበት። ፒያስትራ ስትሠሪ ጫፉ እኩል አይሆንም፤ የተቆረጠው ለጥቅልሉ ነውና። ወሩን ሙሉ ስትተኮሺ የምትከርሚ ከሆነ ተዘርግቶ መቆረጡ ያዋጣሻል። ሪላክሰር ኖሮሽ እያሳደግሽው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እናርጥበው እላለሁ። አዲስ የበቀለው ወዲያው ይጠቀለላል፣ ሪላክሰር የነካው ጫፍ ልስልስ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ድንበሩ በግልፅ ይታያል።

ሳሎን ከመሄድሽ በፊት አንድ ዘለላ ከግንባር፣ አንድ ከአናት፣ አንድ ከማጅራት ውሰጂ። በደረቁ ዘርግተሽ ለኪያቸው፣ ከዚያ ልቀቂያቸውና እንደገና ለኪ። ቁጥሩን ለቆራጯ አሳዪያት። ሦስቱም ተቀራራቢ ሆነው የሚያጥሩ ከሆነ በእርጥቡ ያለችሽም ልትሠራው ትችላለች።